የመጀመሪያው የለውዝ ማንኪያ

ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ፣ ብዙ ሕፃን ለውዝን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው ከእናቱ ማዕድ ሳይሆን ከጤና ኬላ ነው። እዚያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የሚባለው ከረጢት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። ውስጡ የተፈጨ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። ፈረንሳዮቹ አንድሬ ብሪያንድና ሚሼል ሌስካን በ1996 እ.ኤ.አ. የቀመሩት ሲሆን፣ እኛም አገር ሒሊና የተባለው ድርጅት ያመርተዋል። በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ፣ ስድስት ወር ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕፃናት ይታዘዛል።

እንግዲህ በነጌሌ ወይም በያቤሎ ከተማ ጤነኛ ልጅ የያዘች እናት «ለታመመው የተሰጠው ለውዝ ለእኔስ ልጅ?» ብትል ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከረጢቱን እንተወው፤ እሱ በልጁ ክብደት ተሰልቶ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ከሱቅ ጀርባ ቢሸጥም ለጤነኛ ልጅ አይገዛም። ለውዙ ግን፣ በቤት ተፈጭቶ በደንብ ከቀጠነ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎ ለጀመረ ልጅ ይሆናል። ፕላምፒ ነት በበሉት ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ይህ ደስ ይላል፤ ግን ያልተመዘገበ ሁሉ አልደረሰም ማለት አይደለም፣ በምግብ እጥረት የተዳከመ ሰውነትም እንደ ጤነኛው አይቆጣ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቃቄውን ከዚያ አንዋስም።

«ለውዝ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም» የሚለው ምክር ከየት መጣ? በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለአለርጂ ቅርብ ለሆኑ ልጆች እንዲህ ብሎ ነበር፤ በ2008 ምክሩን አነሳው። ከዚያ በ2015 የለንደኑ ሐኪም ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ የ640 ሕፃናትን ውጤት አወጡ። ልጆቹ ጥናቱን ሲጀምሩ ከ4 እስከ 11 ወር የነበሩ፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ለውዝ አዘውትረው በሉ፣ ግማሾቹ እስከ አምስት ዓመታቸው ተከለከሉ። በመጨረሻ ከተከለከሉት ከመቶ 17ቱ፣ ከበሉት ግን ከመቶ 3ቱ ብቻ የለውዝ አለርጂ ተገኘባቸው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት ተመርምረዋል፤ በምርመራው ቆዳቸው በኃይል ያበጠው ወደ ጥናቱ አልገቡም።

ምክንያቱ ይህን ይመስላል። ለውዝ በአንጀት በኩል ሲገባ ሰውነት «ምግብ ነው» ብሎ ይለምደዋል። በቆሰለና በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ግን እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳው ክፍት በር ነው፤ በቤቱ ውስጥ ለውዝ ሲቆላና ሲላጥ ብናኙ በዚያ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ በለውዝ ወይም በሰሊጥ ዘይት ማሸት መቅረት አለበት። «ቆዳው ላይ ቀብቼ ልሞክረው» የሚለው የቤት ፍተሻም አይረባም። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበትን ልጅ የመጀመሪያውን ማንኪያ ከማቅመስ በፊት ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ምጣዱ። ለውዙ ከባቢሌም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ትልቁ ጣጣው አፍላቶክሲን ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ በታፈገ ጆንያ የከረመ ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚተወው መርዝ። መቁላት አያጠፋውም፣ መፍጨት ደግሞ ይደብቀዋል። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት ፍሬውን ገዝቶ፣ በሰፌድ ላይ በትኖ፣ አንድ በአንድ መልቀም ይሻላል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ያለበት፣ የተበሳ ሁሉ ይወገዳል። ቀምሳችሁ የመረራችሁንም ትፉት። ብዙ ከሆነ ኪሎውን ሁሉ መመለስ እንጂ የቀረውን «ይሆናል» ማለት አያዋጣም።

የተለቀመው ያለ ዘይት በዝግታ ይቆላል፣ ቀይ ልባሱ ታሽቶ በሰፌድ ይበጠራል፣ ከዚያ በሙቀጫ ወይም በብሌንደር ይፈጫል። መጀመሪያ ፍርፋሪ ይሆናል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ከለውዝ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ትንሽ ቢታገሡት ራሱ ይለቀዋል፤ ውሃም ዘይትም ሳይጨመር ይለሰልሳል። ጨው፣ ስኳር፣ ማር አይገባበትም። ማር በተለይ ዓመት ላልሞላው ልጅ ክልክል ነው። በጣት መካከል ሲታሽ አንዲትም ፍርፋሪ መሰማት የለባትም። በቆላ ሙቀት ዘይቱ ቶሎ ስለሚያረጅ ትንሽ ትንሽ እየፈጩ በጥላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የከረመ ዘይት ከሸተተ ይደፋ።

እንዲህ የለሰለሰው ግን ለሕፃን ገና አይሆንም። ወፍራም የለውዝ ቅቤ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ጉሮሮ ላይ ይዘጋል፤ ትን የሚለውም ከዚህ ነው። ሙሉ ፍሬ እስከ አምስት ዓመት አይሰጥም። ማቅጠኑ ቀላል ነው፦ ሁለት የሻይ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ላይ ፈልቶ የወረደ ሙቅ ውሃ ይጨመራል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ ከመቅጠን ይልቅ ይደርቃል፣ ይቋጠራል፤ አትደንግጡ። ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ውሃ ሲገባና ሲማሰል ይፈታል፣ ቀለሙም ይነጣል። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ እንደ እርጎ መውረድ አለበት። በእናት ጡት ወተት ወይም በቀጭን ገንፎ ማቅጠንም ይቻላል። ውሃ የነካው ግን አይቀመጥም፤ የቀረው የዚያው ዕለት ይደፋል።

አንድ ልጅ እንውሰድ። ሰባት ወሩ ነው፣ የበቆሎ ገንፎና ድንች ለምዷል፣ ችፌ የለበትም፣ ጉንፋንም ተቅማጥም የለበትም። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው፣ ባጃጅም በመንገድ አለ። ማታ ከእንቅልፍ በፊት አይጀመርም። ያን ቀን ሌላ አዲስ ምግብ አይሰጥም፤ የመጣው ምልክት ከምን እንደመጣ አይታወቅምና። እናት ልጁን ቀጥ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ከማንኪያው ጫፍ ጥቂት ታቀምሰዋለች፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለች። አያቱ አኮ «በላውኮ፣ ጨርሺለት እንጂ» ቢሏት «አኮ፣ ትንሽ ይቆይ» ማለት ነው። ምንም ካልታየ የቀረውን በእርጋታ ትሰጠዋለች። ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት ልጁ ከዓይኗ አይርቅም፣ አዝላው ገበያ አትሄድም፤ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊት አይታይም።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል። መጻሕፍቱ «ቆዳ ይቀላል» ይላሉ፤ የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ግን መቅላት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጣት ከዓይን ይቀድማል፦ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን በመዳፍ ስትዳስሱ ትንኝ የነከሰው የመሰለ ከፍ ከፍ ያለ እብጠት ካለ፣ ልጁም ከፈተገው፣ ያ የአለርጂ ሽፍታ ነው። የከንፈርን ውስጥና የዓይን ቆብን እዩ፣ ማበጥ እዚያ ይጀምራል። ለውዙ በነካው አገጭ ላይ ብቻ የወጣና ሲታጠብ ወዲያው የሚጠፋ ነገር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ያን ቀን አይጨመርም። አንድ ጊዜ ማቅለሽለሽና መትፋትም ልጁ ጣዕሙን ስላልወደደው ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ ማስመለስ ግን ሌላ ነው።

ድምፁ ከጎረነነ፣ ሳል ከያዘው፣ ደረቱ ካፏጨ፣ ከገረጣ፣ ወይም ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ እንደያዘው ዝልፍልፍ ካለ አይጠበቅም። ወተት ማጋት፣ ጣት ከትቶ ማስመለስ፣ የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቶ «እስኪ እንየው» ማለት ጊዜ ይበላል፤ ሽሮፑ ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ በባለሙያ እጅ ጭኑ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። የዛለ ልጅ በጀርባው ተጋድሞ ይሄዳል፣ መተንፈስ ያቃተው ግን ይቀመጥ። በር ላይ የሚነገረው አጭር ነው፦ «ለውዝ በላ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ሆኖታል፣ አለርጂ ነው»። ሽፍታው ሊጠፋ ስለሚችል በመንገድ ላይ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከተሻለውም በኋላ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል እዚያው ይቆይ። ከከተማ ርቆ፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሰዓታት የሚፈጅበት ቦታ የሚኖር ሰው ለመጀመሪያዋ ማንኪያ ከተማ የሚገባበትን ቀን ቢመርጥ ብልህነት ነው።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም ማለፉ ነገሩን አይዘጋውም፤ ሰውነት አንዳንዴ የሚቆጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ሁሉ በቀን፣ በዓይን ሥር ይሁኑ። ከዚያ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ገንፎ ላይ እየተደባለቀ ይቀጥላል። አንዴ አቅምሶ ለወራት መተው ከጥናቱ ውጤት ጋር አይሄድም፤ ልጆቹ የተጠቀሙት አዘውትረው በመብላታቸው ነው።

ሰሊጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ተጠብቆ በዚሁ መንገድ ይገባል። ድፍኑ ፍሬ ሳይፈጭ በሆድ ስለሚያልፍ «በልቷል» አያሰኝም፤ ተቆልቶ፣ ዘይቱ እስኪወጣ ተፈጭቶ፣ እንደ ለውዙ በሙቅ ውሃ ይቀጥናል። ለውዝ ያስቆጣው ልጅ ግን ሰሊጡን ቤት ውስጥ አይጀምርም፤ እሱን ሐኪም ባለበት ነው።