ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ፦ በእህት ኩባንያዎች መካከል የሚሰጥ ብድር አመዘጋገብና አወጋገድ



ዛሬ የምናገረው ቀላል ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ነው። አንድ እናት ኩባንያ የሚቆጣጠራቸው ሁለት ኩባንያዎች ገንዘብ ቢበዳደሩ በየመዝገባቸው ምን ይጻፋል? የቡድኑ የተጠቃለለ የሂሳብ መግለጫ ሲዘጋጅስ ያ ሂሳብ ወዴት ይሄዳል?

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የዱቄት ፋብሪካና አንድ ዳቦ መጋገሪያ እናስብ። እናት ኩባንያው የፋብሪካው ሙሉ ባለቤት ነው። ከመጋገሪያው ግን የያዘው 60 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 40 በመቶ የውጭ ባለአክሲዮኖች ድርሻ ነው። ፋብሪካው ጥር 1 ቀን ለመጋገሪያው 10,000,000 ብር በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ አበደረ። ወለዱ የሚከፈለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የሂሳብ ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል።

በብድሩ ዕለት ፋብሪካው ተሰብሳቢ ብድርን ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብን ክሬዲት ያደርጋል። መጋገሪያው ደግሞ ጥሬ ገንዘብን ዴቢት፣ ተከፋይ ብድርን ክሬዲት ያደርጋል። ሰኔ 30 ሲደርስ የስድስት ወር ወለድ፣ ማለትም 600,000 ብር፣ ተጠራቅሟል። ገንዘቡ ገና ባይከፈልም ፋብሪካው ተሰብሳቢ ወለድና የወለድ ገቢ፣ መጋገሪያው የወለድ ወጪና ተከፋይ ወለድ ይመዘግባሉ። አንዱ መዝገብ የሌላው መስተዋት ነው ማለት ነው።

ቡድኑ እንደ አንድ ድርጅት ሲታይ ግን ሰው ለራሱ አያበድርም፣ ከራሱም ወለድ አያተርፍም። ስለዚህ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 10 በቡድን አባላት መካከል ያሉ ሂሳቦች በሙሉ እንዲወገዱ ያዛል። የማስወገጃ ምዝገባው ተከፋይ ብድርን ከተሰብሳቢ ብድር፣ ተከፋይ ወለድን ከተሰብሳቢ ወለድ፣ የወለድ ገቢን ከወለድ ወጪ ጋር ያጣፋል። ጥሬ ገንዘቡ አይነካም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ ከቡድኑ አልወጣምና። ይህ ምዝገባ የሚደረገው በማጠቃለያው ሠንጠረዥ ላይ ብቻ ነው። በሁለቱ ኩባንያዎች መዝገብ ዕዳውም መብቱም እንዳለ ይቀጥላል፤ በሕግ ፊት ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸውና። ስለዚህም ብድሩ እስኪከፈል ድረስ ማስወገዱ በየዓመቱ ይደገማል።

ችግሩ የሚጀምረው መስተዋቱ ሲዛነፍ ነው። በኦዲት ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁትን ላስረዳ። የብድር ውሉ ዘግይቶ የደረሰው የመጋገሪያው ሂሳብ ሠራተኛ ወለዱን ከየካቲት 1 ጀምሮ አሰበ እንበል። መዝገቡ 500,000 ብር ይላል፤ የፋብሪካው ግን 600,000 ብር። አሁን ያሉትን ቁጥሮች እንዳሉ ብናስወግድ ገቢው 600,000 እና ተከፋዩ 500,000 ዴቢት፣ ወጪው 500,000 እና ተሰብሳቢው 600,000 ክሬዲት ይሆናሉ። ሁለቱም ወገን 1,100,000 ብር ነው። ምዝገባው ሚዛኑን ጠብቋል፤ የቡድኑ ጠቅላላ ትርፍም ትክክል ነው። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ስህተት አለ ብሎ አይጠረጥርም።

ስህተቱ ግን አልጠፋም፤ ተደበቀ እንጂ። የመጋገሪያው ወጪ በ100,000 ብር ስላነሰ ትርፉ በዚያው ልክ በዝቷል። የትርፍ ግብርን ወደ ጎን ብንተው፣ የውጭ ባለአክሲዮኖቹ ድርሻ በ40,000 ብር ከፍ ብሎ፣ የእናት ኩባንያው ድርሻ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይታያል። መጋገሪያው ለባንክ የሚያቀርበው የራሱ መግለጫም ዕዳውን አሳንሶ ያሳያል። መፍትሔው በሠንጠረዡ ላይ አይገኝም። በውሉና በባንክ መግለጫው ገንዘቡ የገባበትን ቀን አረጋግጦ የመጋገሪያውን መዝገብ ማረም፣ ከዚያም ማስወገድ ነው።

ልዩነት ሁሉ ግን ስህተት አይደለም። መጋገሪያው ሰኔ 29 ቀን ከዋናው ብድር 1,000,000 ብር ልኮ፣ ገንዘቡ በፋብሪካው ሂሳብ የገባው ሐምሌ 2 ቀን ቢሆንስ? ተከፋዩ 9,000,000፣ ተሰብሳቢው 10,000,000 ብር ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ ማስወገጃው በራሱ አይመጣጠንም፤ የጎደለው በመንገድ ላይ ያለ የቡድኑ ጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ 1,000,000 ብር በመንገድ ላይ ያለ ጥሬ ገንዘብ ተብሎ ዴቢት ይደረጋል፣ ተሰብሳቢውም በሙሉ ይወገዳል። ይህን ልዩነት «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ የሚዘጋ ሰው ያልደረሰ ኪሳራ ይፈጥራል።

እንግዲህ ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ የሠንጠረዡ መመጣጠን የመዝገቦቹን ትክክለኛነት እንደማያረጋግጥ፣ አለመመጣጠኑም ስህተት መኖሩን እንደማያረጋግጥ ነው። ስለዚህ ከማስወገድ በፊት ሁለቱ ኩባንያዎች የብድሩንና የወለዱን ቀሪ ሂሳብ በጽሑፍ ይለዋወጡ፤ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱ ይታወቅ።