ውል ከማፍረስ በፊት የሚጻፈው ደብዳቤ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ። ሁለቱን የሚያገናኘው ከደጀን ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ነው፤ የአካባቢው ጤፍም በዚሁ መንገድ ይጫናል። በዚህ ንግድ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ሻጭ ሲዘገይ ገዥ ይናደዳል፤ «በቃ፣ ውሉ ቀርቷል» ብሎ በስልክ ይናገራል፤ በማግሥቱም ከሌላ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ውል አፍራሹ እሱ ሆኖ ይገኛል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሞጣ ላይ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴሎች የሚያከፋፍል ድርጅት ከቢቸና የእህል ነጋዴ ጋር በየወሩ መጀመሪያ ቀን 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ በኩንታል 12,000 ብር እንዲቀርብለት ተዋውሏል እንበል፤ የውላቸው አንቀጽ 9 ደግሞ ለዘገየ ሻጭ 10 ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ መሰረዝን ይፈቅዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ያለ ችግር አለፉ። ጥር 1 ግን 20 ኩንታል ብቻ ገባ። የገበያው ዋጋ 13,000 ደርሷል፤ ሻጩ ቀሪውን ለማን እንደሸጠው መገመት አያቅትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 እንደሚለው፣ አንዱ ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ መከራከር የሚቻለው በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው በኋላ ነው። በቁጥር 1774 ደግሞ ገዥው በዚሁ ማስጠንቀቂያ የጊዜ ገደብ ወስኖ፣ ከዚያ ወዲያ እንደማይቀበል መግለጽ ይችላል፤ ጊዜው ግን ከነገሩ ሁኔታ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ይህ ጊዜ ሳይፈጸምበት ካለፈ ገዥው ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ ውሉን መሰረዝ ይችላል። እንግዲህ እነዚያ ጥቂት ቀናት ለሻጩ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደሉም፤ ለገዥው የመሰረዝ መብት የሚያስገኙ ናቸው።

ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «ጥር 1 ቀን ማስረከብ ከሚገባዎት 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ 30ው አልደረሰንም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ማግሥት ጀምሮ በሚቆጠሩ 10 ቀናት ውስጥ ካላስረከቡን ከዚያ ወዲያ ርክክብ አንቀበልም፤ በውሉ አንቀጽ 9 መሠረትም ውሉን እንሰርዛለን» ቢል ይበቃል። የጎደለው በቁጥር ተጠቅሷል፤ ማብቂያው ይታወቃል፤ የሚከተለውም ተነግሯል። «በአስቸኳይ እንድታስተካክሉ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ግን የጊዜ ገደብ የለውምና ለመሰረዝ አያበቃም።

ደብዳቤው ጥር 4 ቢደርስ አሥሩ ቀን ጥር 14 ያልቃል። መሐል ላይ ግን ጥምቀት አለ፤ ጥር 11 ማንም መጋዘን አይከፍትም። ውሉ «የሥራ ቀን» ካለ ቆጠራው ሌላ ነው፤ ስለዚህ በውሉ ላይ ያለውን ቃል ሳያዩ ደብዳቤ አለመጻፍ ነው። ሻጩ ፈርሞ እንዲቀበል ማድረግ፣ አልፈርምም ካለ በምስክሮች ፊት መስጠት፣ ወይም በሪኮማንዴ መላክ ይሻላል። ሕጉ በሌላ ድርጊት የተገለጸ ማስጠንቀቂያንም ይቀበላል፤ ችግሩ የስልክ ንግግርን በኋላ ማስረዳት ነው።

ጥር 12 ላይ 25 ኩንታል ቢመጣስ? ገዥው ቢቀበል ይሻለዋል፤ «በጎደለው 5 ኩንታል ላይ ያለኝን መብት ጠብቄ ነው» ብሎ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። በ5 ኩንታል ሰበብ ውሉን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ግን አልመክርም። ፍርድ ቤት ስለ ውል መሰረዝ ሲወስን የተጣሰው ግዴታ መሠረታዊ መሆኑን ያያል። ምንም ካልመጣ ግን ጥር 15 ላይ ሁለተኛ አጭር ደብዳቤ ጽፎ መሰረዙን ያሳውቃል፤ 30 ኩንታሉን በ13,000 ከገዛም የ30,000 ብሩን ልዩነት በኪሣራ ይጠይቃል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፦ ሻጩ አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ከገለጸ፣ ወይም ውሉ ራሱ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ካለ። በሽያጭ ሕጉ ገበያ ላይ የታወቀ ዋጋ ላለው ዕቃ የተወሰነ የማስረከቢያ ቀን እንደ ቁርጥ ቀን የሚታይበት ድንጋጌም አለ፤ ጤፍ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ሆኖም በውላቸው «10 ቀን ይሰጣል» ብለው የፈረሙ ሰዎች በዚህ ድንጋጌ ቢመኩ እገረማለሁ። ራሳቸው የጻፉት ይይዛቸዋል።

የሻጩ መልስ ብዙውን ጊዜ «ዋጋ ጨምሮ ነው» ወይም «መንገድ ተዘግቶ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው አያዋጣውም፤ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ብቻውን ከአቅም በላይ ኃይል እንደማይሆን ሕጉ በቁጥር 1794 ይዘረዝራል። ሁለተኛው ግን ሊያዋጣው ይችላል፤ የመንግሥት ክልከላና የእርስ በርስ ጦርነት በቁጥር 1793 ከተዘረዘሩት ውስጥ ናቸው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ስለነበሩ ገዥው ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ሻጩ በዘገየባቸው ቀናት ሌሎች መኪኖች ከቢቸና ሞጣ ገብተው እንደሆነ አጣርቶ፣ የገቡበትን ሰነድ ከውሉ ጋር ቢያስቀምጥ መልካም ነው።