የማስታወቂያው ገንዘብ የት ይቀልጣል?

ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 እንደዘገበው፣ የአሜሪካው ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ ማስታወቂያ በየወሩ ወደ 400 ሺህ በሚጠጉ ድረ ገጾች ላይ ይወጣ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ተመልካቹ ከማየት አልፎ አንድ ነገር ያደረገባቸው፣ ለምሳሌ ማስታወቂያውን የነካባቸው፣ 12 ሺህ ያህሉ ብቻ ናቸው። ባንኩ አንድ ተለማማጅ ሠራተኛ 12 ሺዎቹን እየከፈተ እንዲያይ አደረገ። 7 ሺህ ያህሉ ለባንኩ የማይሆኑ ተብለው ወደቁና 5 ሺህ ቀሩ። ማስታወቂያው በእነዚያ ላይ ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ። የባንኩ የገበያ ኃላፊ ክሪስቲን ለምካው በወቅቱ ለጋዜጣው እንደነገሩት፣ ገና ጥቂት ቀናት ቢሆነውም ውጤቱ አልወረደም።

ባንኩ ቆጠራውን የጀመረው ገንዘብ ለመቆጠብ አልነበረም። የሠጋው ስሙ ከማይሆን ገጽ ጋር አብሮ እንዳይታይ ነው። ያም ሆኖ ታሪኩ አንድ ነገር አጋልጧል፤ በዓለም ካሉት ትልልቅ አስተዋዋቂዎች አንዱ እንኳ ማስታወቂያው የት የት እንደሚወጣ ተቀምጦ እስኪቆጥር ድረስ አያውቅም ነበር። በወር ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ነጋዴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው ነካ፣ ስንት ትዕዛዝ መጣ። ብክነቱ የሚደበቀው በእነዚህ ድምሮች ውስጥ ነው።

ነገሩን በልብ ወለድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ሶፋና አልጋ የሚሠራ ድርጅት አለ እንበል። በጉግል በኩል የሥዕል ማስታወቂያ ያወጣል። በአንድ ወር 300 ዶላር ከፍሎ 6,000 ክሊክና 60 ትዕዛዝ አገኘ። አንድ ትዕዛዝ 5 ዶላር አስወጣው ማለት ነው። ለአንድ ሶፋ 5 ዶላር ብዙ አይደለምና ባለቤቱ ደስ ብሎት ሊያልፈው ይችላል።

አሁን ያንኑ 300 ዶላር ማስታወቂያው በወጣበት ቦታ እንከፋፍለው። የጉግል ሪፖርት ይህን `Where ads showed` በሚለው ገጽ ላይ ያሳያል። በድረ ገጾች ላይ 100 ዶላር ወጥቶ 34 ትዕዛዝ መጣ፤ ለአንዱ 3 ዶላር እንኳ አልሞላም። በዩቲዩብ 80 ዶላር ወጥቶ 24 ትዕዛዝ መጣ። በስልክ አፖች ውስጥ ደግሞ 120 ዶላር ወጥቶ የተገኘው 2 ትዕዛዝ ነው። እዚያ አንዱ ትዕዛዝ 60 ዶላር ፈጀ። ከወጪው ከመቶ 40 እጁ የሄደው ምንም ያህል ሽያጭ ወዳላመጣ ቦታ ነበር፤ አማካዩ 5 ዶላር ግን ይህን ሁሉ ሸፍኖታል።

አፖቹ ምን ዓይነት ናቸው? ዝርዝሩ ሲከፈት አብዛኞቹ ጌሞች፣ የባትሪ መብራትና የፎቶ ማሳመሪያ አፖች ሆነው ይገኛሉ። ጌም የሚጫወት ልጅ የአባቱን ስልክ ይዞ ማስታወቂያውን ለመዝጋት ሲሞክር ጣቱ ይስታል። ያ ስህተት እንደ ክሊክ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ምልክቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ ክሊኩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙና ርካሽ ነው፣ ገጹን የከፈተው ሰው ግን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። በምሳሌያችን ከ6,000 ክሊክ 3,000ው የመጣው ከአፖች ነው። በክሊክ ብዛት ብቻ የተዘጋጀ ሪፖርት የሚያነብ ሰው አፖቹን የካምፔኑ ጀግና አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ከመከፋፈል በፊት «ውጤት» ተብሎ የሚቆጠረው ነገር እውነተኛ ትዕዛዝ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገጽ መክፈት ወይም የስልክ ምልክቷን መንካት እንደ ውጤት ከተቆጠረ፣ የሳተው ጣት እንደገና አሸናፊ ሊሆን ይችላል።

ቀጥለን በመሣሪያ እንከፋፍለው። `Segment` በሚለው ምልክት ስር `Device` ሲመረጥ እያንዳንዱ ረድፍ በስልክ፣ በኮምፒውተርና በታብሌት ይከፈላል። ስልክ 240 ዶላር በልቶ 40 ትዕዛዝ አመጣ፤ ለአንዱ 6 ዶላር። ኮምፒውተር በ45 ዶላር 19 ትዕዛዝ አመጣ፤ ለአንዱ 2 ዶላር ከ37 ሳንቲም ገደማ። የቀረው 15 ዶላር የታብሌት ነው፣ ትዕዛዙም አንድ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ስልክ አያዋጣም» ብሎ የስልኩን ወጪ መቁረጥ ይጀምራል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ውድ ስህተት የምለው ይህንን ነው። ከአፖቹ 120 ዶላር ውስጥ 108ቱ የወጣው በስልክ ነው፣ ቀሪው 12 በታብሌት። ሁለቱም የአፕ ትዕዛዞች የስልክ ናቸው። የአፖቹን ድርሻ ከስልኩ ስንቀንስ 132 ዶላርና 38 ትዕዛዝ ይቀራል፤ ለአንዱ 3 ዶላር ከ47 ሳንቲም ገደማ። ስልኩ ጥፋት የለበትም፤ የጌሞቹን ዕዳ ተሸክሞ ነው። ኮምፒውተር አሁንም ይሻላል፣ ነገር ግን ልዩነቱ ስልክን የሚያስዘጋ አይደለም። አንዱ ክፍፍል ያሳየውን ጥፋተኛ በሌላው ክፍፍል አቋርጦ ሳያዩ መቅጣት አይገባም የሚባለው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ስልክን የሚበድል ሌላ ነገር አለ። ሰው ማስታወቂያውን በስልኩ አይቶ፣ የትዕዛዝ ፎርሙን ሳይሞላ፣ ቁጥሩን ወስዶ ይደውላል ወይም ሱቁ ድረስ ይመጣል። ይህ በሪፖርቱ ላይ የለም። «የት አይተው ነው የመጡት?» ብሎ ጠይቆ በትዕዛዝ ደብተር ላይ የሚጽፍ ድርጅት ካልሆነ በቀር፣ የስልክ ትዕዛዝ ሁልጊዜ ከእውነቱ አንሶ ይታያል።

ሦስተኛው ክፍፍል በሰዓት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ ቀኑን ከ0 እስከ 23 በሚቆጠሩ ረድፎች ይከፍለዋል። በምሳሌያችን ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት፣ ማለትም በሪፖርቱ ከ0 እስከ 4 ባሉት ረድፎች፣ 36 ዶላር ወጥቶ 3 ትዕዛዝ መጣ። ለአንዱ 12 ዶላር ነው። ሌሊቱን እንዝጋው? ከ36ቱ ውስጥ 24ቱ እንደገና የጌሞች ሆኖ ይገኛል እንበል። ሦስቱም ትዕዛዞች ግን የመጡት ከሌላ ቦታ ነው። ጌሞቹ ሲወጡ 12 ዶላርና 3 ትዕዛዝ ይቀራል፤ ለአንዱ 4 ዶላር። ሌሊቱም እንደ ስልኩ የሚከሰስበት ነገር የለውም።

ባለቤቱ ደብተሩን ገልጦ «ትዕዛዝ የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው፣ ሌሊት ማን ሶፋ ይገዛል?» ሊል ይችላል። ጉግል ግን ትዕዛዙን የሚጽፈው በተነካበት ሰዓት ረድፍ ላይ ነው። ሰውዬው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነክቶ በማግስቱ ረፋድ ቢያዝ ደብተሩ ረፋድ ይላል፣ ሪፖርቱ ሌሊት ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በዚሁ ምክንያት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ሁልጊዜ ባካኝ መስለው ይታያሉ፤ ክሊኩ ተከፍሎበታል፣ ትዕዛዙ ገና በመንገድ ላይ ነው። የዛሬንና የትናንትን ረድፍ አይቶ አለመፍረድ ይሻላል።

የሰዓት ቀጠናም አለ። የዶላር ካርድ ስለሌለ አካውንቱን አሜሪካ ያለ ወንድም ከፍቶት ከሆነ፣ ሰዓቱ የሎስ አንጀለስ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ «ሌሊቱን ልዝጋ» ብሎ ከ0 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ከዘጋ፣ በበጋቸው ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚዘጋው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በክረምታቸው ደግሞ በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል። አካውንቱ በአዲስ አበባ ሰዓት የተከፈተ ቢሆን እንኳ፣ በእኛ አቆጣጠር «ከ3 እስከ 5» ብሎ የሚሞላ ሰው ማሽኑን ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት እያዘዘው ነው። በፌስቡክ አስተዋዋቂዎች ገጽ ላይ `Breakdown` ሲከፈት ሰዓቱን በአካውንቱ ቀጠና ወይም በተመልካቹ ቀጠና የሚያሳዩ ሁለት ምርጫዎች አሉ። የትኛውን እያዩ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እስካሁን በጅምላ አየን። ወደ ዝርዝር ስንወርድ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ድረ ገጽ 40 ክሊክ ወስዶ ምንም ትዕዛዝ ካላመጣ ይባረር? በምሳሌያችን በአማካይ ከ100 ክሊክ አንድ ትዕዛዝ ይገኛል። እንደ ማንኛውም ደህና የሆነ ገጽ እንኳ በ40 ክሊክ ምንም ሳያመጣ የመቅረት ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ዜሮው ምንም አልነገረንም። በስታቲስቲክስ «የሦስት ሕግ» የሚባል ቀላል መለኪያ አለ፤ አንድ ትዕዛዝ የሚፈጀውን ክሊክ በ3 አብዛው፣ እስከዚያ ዜሮ ከሆነ ብቻ ፍረድ። እዚህ 300 ክሊክ ይሆናል። ደህና ገጽ 300 ክሊክ ወስዶ ባዶውን የሚቀረው ከ20 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። በገንዘብ ሲታሰብ 15 ዶላር ያህል በልቶ ምንም ያላመጣ ገጽ ማለት ነው።

ችግሩ 3,000ው የአፕ ክሊክ በብዙ መቶ አፖች ላይ ተበታትኖ መገኘቱ ነው። አንዱ 7፣ ሌላው 12 ክሊክ ይዞ ሁሉም ከ300 በታች ሆኖ ያመልጣል። በተናጠል የሚያሳድዳቸው ሰው ዛሬ ሃምሳ ቢዘጋ ነገ ሌላ ሃምሳ ይመጣል። መፍትሔው በወገን መፍረድ ነው። ጌሞች ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው ስንት በሉ፣ ስንት አመጡ ተብሎ ይታያል፤ ከዚያ በማግለያው ገጽ ላይ የአፕ ምድቡ በሙሉ ይዘጋል።

ፌስቡክ ላይ ግን ይህን ፍርድ ሲሰጡ ረጋ ማለት ይገባል። እዚያ በጀቱን በየቦታው የሚያከፋፍለው ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ የሚያየውም የሚቀጥለው ትዕዛዝ የት በርካሽ እንደሚገኝ ነው። በአማካይ ርካሽ የነበረ ቦታ ርካሹ ዕድል አልቆበት ቀጣዩ ትዕዛዝ እዚያ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሥርዓቱ በአማካይ ውድ ወደሚመስለው ቦታ ገንዘቡን ያዞራል። ኩባንያው ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ያንን «ውድ» ቦታ መዝጋት አንዳንዴ አጠቃላዩን ወጪ ያስወድደዋል።

አፖቹ ከተዘጉ በኋላ 120 ዶላሩ ወደ ኪስ አይመለስም። የቀን በጀቱ ካልተቀነሰ ጉግል ወደ ድረ ገጾቹና ወደ ዩቲዩብ ያፈስሰዋል፤ እዚያም የመጀመሪያው 180 ዶላር እንዳመጣው ያህል ያመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፣ ጥሩው ቦታ አስቀድሞ ተይዟልና። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በጀቱን ወደ 180 አውርዶ ማየት ይሻላል። ክሊኩ ወዲያው በግማሽ ይወድቃል፤ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሰው ይህን አስቀድሞ ለባለቤቱ ካልነገረው ድንጋጤ ይመጣል። መታየት ያለበት ከ6,000 ወደ 3,000 የወረደው ክሊክ ሳይሆን ጠቅላላው ትዕዛዝ ነው። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ 58 አካባቢ ከተቆጠረ አፖቹ በእርግጥም ባካኝ ነበሩ። ወደ 45 ከወረደ ግን፣ ወቅቱ ጾም ወይም የበዓል ማግሥት መሆኑ ተጣርቶ፣ አፖቹን መልሶ መክፈትና ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።