የቢሮ ወንበር ሲገዙ ከመቀመጫው ሥር ይመልከቱ

ወንበር ሊገዛ መደብር የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው ቆዳ መሳይ ልባስ ባለው ትልቅ ጥቁር «ኤክስኪዩቲቭ» ወንበር ላይ ነው። ይቀመጥበታል፣ ግራና ቀኝ ይሽከረከራል፣ የስፖንጁ ልስላሴ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወንበሩ ላይ ግን በየቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሊውልበት ነው። በሁለት ደቂቃ ያስደሰተው ልስላሴ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያደክመዋል። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ከሥሩ ያለው ጣውላ ይሰማል፣ ዳሌው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ወገቡ ይጎብጣል።

ወገብን በተመለከተ የቆየ ነገር ግን ዛሬም የሚጠቅም ምርምር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አልፍ ናኬምሰን የተባሉ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም በሰዎች የታችኛው አከርካሪ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብተው ግፊቱን ለክተው ነበር። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስኩን እንደሚጫነው አገኙ። ከእሳቸው በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አከራክረዋል። ያልተለወጠው ነገር፣ ሰው ጋደል ብሎ ጀርባውን መደገፊያው ላይ ሲጥል ጫናው የሚቀንስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከወንበር የሚፈለገው ዋናው ነገር ለስላሳነት አይደለም። እግር መሬት ረግጦ፣ እጅ ኪቦርድ ላይ ሆኖ፣ ጀርባ ሳይለቅ እንዲደገፍ ማድረግ መቻሉ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ወንበሩ ለተቀማጩ አካል መስተካከል ሲችል ነው።

አንድ ምሳሌ በልኬት እንይ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ጫማ አድርጋ ከወለሉ እስከ ቋንጃዋ ወደ 41 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተቀምጣ እጇን ወደ ታች ስትለቅ ክርኗ ከመቀመጫው በላይ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። እግሯ ወለሉን በደንብ ከረገጠ ክርኗ ከወለል 64 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ከፍታ ግን 75 ነው። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተርፏል። ወንበሩን ዝቅ አድርጋ ከሠራች ትከሻዋን ቀኑን ሙሉ ሰቅላ ትውላለች፤ ማታ የሚያማት አንገቷ ነው። ወንበሩን ከፍ ካደረገች ደግሞ እግሯ ይንጠለጠላል፣ የመቀመጫው ጠርዝ ጭኗን ከሥር ይጫናል፣ እግሯ ይደነዝዛል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 የሆነ ባልደረባዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል፤ ጠረጴዛው የተሠራው በእሱ ልክ ነውና።

የዚህችን ሴት ችግር በገበያ ላይ ያለ የትኛውም ወንበር ብቻውን አይፈታውም። መፍትሔው ጠረጴዛውን ማሳጠር ወይም ወንበሩን ከፍ አድርጎ 11 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእግር ማሳረፊያ ማስቀመጥ ነው። ማንኛውም አናጺ ይህን በአነስተኛ ዋጋ ይሠራዋል። ውድ ወንበር ገዝተው «ምንም አልጠቀመኝም» ከሚሉ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የተሳሳቱት ወንበር መርጠው ሳይሆን ጠረጴዛቸውን ሳይለኩ በመሄዳቸው ይመስለኛል። መደብር ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይያዙና ሦስቱን ይለኩ፤ ከወለል እስከ ቋንጃ፣ ከመቀመጫ እስከ ክርን፣ ከወለል እስከ ጠረጴዛ። መደብሩ ውስጥ ደግሞ ወንበሩ ዝቅ ሲል የት እንደሚቆም ይለኩ። ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች የማይወርዱ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው መለካት ያለበት የመቀመጫው ጥልቀት ነው። ሻጮች ብዙም አያነሱትም፤ ለአጭር ሰው ግን ከከፍታው እኩል ወሳኝ ነው። ጀርባዎን መደገፊያው ላይ አጣብቀው ሲቀመጡ በመቀመጫው ጠርዝና በቋንጃዎ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጠርዙ ቋንጃዎን ይጫናል፣ ወይም ወደ ፊት ስበው ተቀምጠው መደገፊያውን ጨርሰው ይተዉታል። ትልልቆቹ «ኤክስኪዩቲቭ» ወንበሮች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ወንበር ቢያገኙ ይህ ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል። የወገብ ድጋፉም ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ እብጠቱ ቀበቶ በሚታሰርበት አካባቢ ካልገጠመ ወገብን ከመደገፍ ይልቅ ይገፋል። የክንድ ማሳረፊያው ጠረጴዛው ሥር የማይገባ ከሆነ ደግሞ ከሥራዎ ያርቅዎታል።

አሁን ወደ ኋላ ጋደል ይበሉና እግርዎን ይመልከቱ። ተረከዝዎ ከወለሉ ከተነሣ፣ መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ላይ ተያይዘው ነው የሚያጋድሉት። ከመቀመጫው ሥር ያለው መሣሪያ ርካሹ ዓይነት ነው። በተሻለው ዓይነት መደገፊያው ብዙ ሲያጋድል መቀመጫው ጥቂት ብቻ ይከተላል፣ እግር ከመሬት አይነሣም። በዚህኛው ሰው ጋደል ብሎ መሥራት ይችላል፤ በመጀመሪያው ግን ስልክ ሲያወራ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ከዚህ ሌላ የማጋደሉ ጥንካሬ ለክብደትዎ የሚስተካከልበት እጀታ መኖሩንም ይዩ። ያለዚያ ቀጭን ሰው መደገፊያውን መግፋት ያቅተዋል፣ ከባድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ቁሳቁሱን በተመለከተ ስፖንጁን በእጅዎ አንጓ ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ጣውላው ከተሰማዎት ይለፉት። በቅርጽ መጣያ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ስፖንጅ ከትልቅ ብሎክ ከተቆረጠው ብዙውን ጊዜ እፍጋቱ የበለጠ ነው፣ ለዓመታትም ቅርጹን ይይዛል። የተቆረጠው ግን መሀሉ ቶሎ ይጎደጉዳል። ቆዳ መሳዩ ልባስ በሙቀትና በላብ ምክንያት እየቆየ ይሰነጠቅና ይላጣል፤ ይህ በአያያዝ ጉድለት የሚመጣ ሳይሆን የቁሱ ጠባይ ነው። እንደ አዋሽ፣ ድሬዳዋ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ ሞቃት ቦታዎች የሚሠራ ሰው ጥሩ ጨርቅ ወይም መረብ ቢመርጥ ይሻላል። መረብም ቢሆን እኩል አይደለም። ጥሩው ተወጥሮ ይኖራል፤ ርካሹ ይለጠጥና ጠንካራው ፍሬም ጭን ላይ ይመጣል። በቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ መረብ መቀመጫ ሊበርድ እንደሚችልም ያስቡ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ሙከራ መመርመር ይቻላል። ወንበሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን መሞከር አይቻልም። ዋስትና ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው በራሱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚናገርበት ብቸኛው ጽሑፍ ነውና ከማስታወቂያው በፊት እሱን ያንብቡ።

የአሜሪካው ኸርማን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ኤሮን በተባለው ወንበሩ ላይ የ12 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ በቀን 24 ሰዓት ለሚሠራበት ቦታም ይጸናል። ስቲልኬዝም በዋና ዋና ወንበሮቹ ላይ ተመሳሳይ ረጅም ዋስትና አለው። አይኬያ ማርኩስ ለተባለው ወንበሩ 10 ዓመት ይሰጣል። ሲያነቡ የዓመቱ ቁጥር ብቻ አይበቃም። የጋዝ ዘንጉን፣ የማጋደያውን መሣሪያ፣ ስፖንጁንና ጎማዎቹን ይሸፍናል ወይስ ብረቱን ብቻ? በሳምንት ለስንት ሰዓት አጠቃቀም? በርካታ ዋስትናዎች በሳምንት 40 ሰዓት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በቀን አሥር ሰዓት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 60 ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዋስትናው ውጭ ሊሆን ይችላል። የልባስ መላጥና የስፖንጅ መጎድጎድ «የተለመደ እርጅና» ተብሎ ተለይቶ መውጣቱንም ይፈልጉ።

ለእኛ አንባቢ ትልቁ ጉዳይ ዋስትናው የሚከተለው ማንን ነው የሚለው ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ዋስትና ወንበሩን አዲስ ከሕጋዊ ወኪል ለገዛው ሰው ነው የሚሰጠው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ከሚዘጋ ቢሮ በቅናሽ የተገዛ ኤሮን ግሩም ወንበር ሊሆን ይችላል፤ የ12 ዓመቱ ተስፋ ግን አብሮት አይመጣም። ዘመድዎ እንዲህ ያለ ወንበር ልላክልዎ ካለ መጠኑን ያስጠይቁት። ኤሮን በሦስት መጠን ይሠራል። ከመደገፊያው የላይኛው ጠርዝ ጀርባ በጣት ሲዳሰስ አንድ ነጥብ ትንሹን፣ ሁለት መካከለኛውን፣ ሦስት ትልቁን ያመለክታል። የተመረተበት ቀን ከመቀመጫው ሥር የተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። የመቀመጫው መረብ ፍሬሙ ጋ ተቀድዶ እንደሆነም በፎቶ ይዩ።

ዋስትናው የማይደርስበት ቦታ ላይ ወንበሩ በቀላሉ የሚጠገን መሆኑ ይተካዋል። በመጀመሪያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የጋዝ ዘንጉ ነው። ምልክቱ ሲቀመጡበት ቀስ እያለ መውረዱ ነው። ደግነቱ አብዛኛው የቢሮ ወንበር የተለመደውን መጠን፣ ማለትም ውጭው 50፣ የውስጡ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ስለሚጠቀም ከሌላ ወንበር የወጣም ይገጥማል። ሲቀይሩ ግን እንዳይበሱት፣ እንዳይቆርጡት፣ በእሳት እንዳያሞቁት፤ በውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ አለ። የጎማዎቹ ዘንግ በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይኬያ ግን 10 ስለሚጠቀም ሌላው አይገባለትም። ስለዚህ ስም የሌለው ወንበር ሲገዙ ገልብጠው ይመልከቱ። ክፍሎቹ በቡሎን የታሰሩ ከሆኑ ይጠገናል፤ በሙጫና በስቴፕል ብቻ ከተያያዙ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይጣላል።

በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ወንበሩን በእነዚህ ቀናት ማዕዘን ላይ አያቁሙት፤ ሙሉ የሥራ ቀን ይቀመጡበት፣ ጠዋት ከፍታውን ለክተው ማታ መልሰው ይለኩ። ሻጩ በቃል «የሁለት ዓመት ጋራንቲ አለው» ካለዎት ደግሞ የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍን ደረሰኙ ላይ ጽፎ እንዲፈርምበት ይጠይቁት፤ ካልጻፈው ወንበሩን ዋስትና እንደሌለው ቆጥረው ዋጋውን ይከራከሩ።