የኦአርኤስ ፖስተር ሲመዘን

ለተቅማጥ የሚሰጠው የተለመደው የኦአርኤስ ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ ከሰውነቱ የወጣውን አይተካም። ስለዚህ አዘገጃጀቱን የሚያሳዩ ፖስተሮች ሲወዳደሩ የሚጠየቀው የትኛው ያምራል ሳይሆን፣ ንባብ ያልለመደች እናት የትኛውን አይታ ልኩን ትቀዳለች የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት አሣሣል ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ስድስት ሳጥን አለው፤ ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች። ንባብ የለመደ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ታች ይወርዳል። ያልለመደው ግን ከየትም ሊጀምር ይችላል፤ ደማቁ ሥዕል ቀድሞ ይስበዋል። እጁ ከክንድ ተቆርጦ ለብቻው ተሥሏል፤ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም። የውሃው ልክ ደግሞ መስመር ባለው ጆግ ላይ «1 ሊ» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ጆግ ስንት ቤት ይገኛል?

ሁለተኛው አራት ሥዕል በአንድ ረድፍ ይዟል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ሴት፣ በዚያው ቀሚስ፣ ከነሙሉ አካሏ ትታያለች። መለኪያዋ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ግን ወጥመድ አለው። ሃይላንድ ግማሽ ሊትርም፣ አንድም፣ ሁለት ሊትርም አለ፤ በሥዕል ብቻ አይለይም። ሠዓሊው ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢሥል፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ፓኬት ነው ብሎ የሚረዳ ይኖራል፤ ይህ ጨውን እጥፍ ያደርገዋል። የሚሻለው ሁለቱም ወደ አንድ ጆግ ሲገለበጡ፣ ከዚያ አንዱ ፓኬት ሙሉ በሙሉ ሲጨመር ማሳየት ነው።

ይህ በግምት አይታወቅም፤ ይፈተናል። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እንግዳን ላለማሳፈር «አዎ» ይባላልና። ፖስተሩን አሳይቶ «ምን ይታይሻል? ምን አድርጊ ይላል?» ማለት፣ ቀጥሎም እውነተኛ ፓኬት፣ ጠርሙሶችና ጆግ ሰጥቶ ስትበጠብጥ ዝም ብሎ መመልከት ይበልጣል። የአሜሪካ የደህንነት ምልክቶች መስፈርት ከተጠየቁት 85 በመቶው በትክክል እንዲረዱት ይፈልጋል፤ በተቃራኒው የሚረዱት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ። ለእኔ ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ያሳስበኛል። በቀይ ኤክስ የተሰረዘ ሥዕል ለምሳሌ፣ ምልክቱን ለማያውቅ ሰው «ይህን አድርግ» ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ፖስተር ያስቸግራል፦ ብጥብጡ ከ24 ሰዓት በኋላ መደፋቱ። ሰዓት ቢሣል ቁጥር ማንበብን ይጠይቃል፤ ፀሐይና ጨረቃ ቢደረደሩ «ቀንና ሌሊት አጠጪ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ይህን ከሥዕሉ አውጥቶ፣ ፓኬቱን የምትሰጠው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ነገ በዚህ ሰዓት የተረፈውን ድፊው፣ አዲስ በጥብጪ» ብላ በቃል ብትነግር ይሻላል።