የማይጠመዘዘው ትስስር

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፓውሊንግ ኦክስፎርድ ሳለ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። ልብ ወለድ ማንበቡ ሲሰለቸው ወረቀት አንሥቶ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሣለና ወረቀቱን እያጠፈ ወደ ጥምዝ ሊለውጠው ሞከረ። ያገኘው መታጠፊያ ግን የትም አልነበረም። ሁለት አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘውን የፔፕታይድ ትስስር አልነካውም፤ ያጠፈው ከእሱ ግራና ቀኝ ባሉት ካርበኖች ላይ ብቻ ነው።

ትስስሩ በካርበንና በናይትሮጅን መካከል ያለ ነው። በወረቀት ላይ ሲሣል ነጠላ ትስስር ይመስላል፤ ነጠላ ትስስር ደግሞ እንደ ልብ ይሽከረከራል። ነገር ግን ናይትሮጅን ለትስስር ያላዋላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። ካርበኑ ጋር የተያያዘው ኦክስጅን ኤሌክትሮን ስለሚስብ፣ እነዚህ ሁለቱ ወደ ካርበኑ በኩል ይሰራጫሉ፤ ትስስሩም በከፊል ድርብ ይሆናል። ርዝመቱም ይህን ይመሰክራል፦ ተራ ነጠላ ትስስር 0.147 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ይህ 0.133 ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሊሰራጩ የሚችሉት ደመናዎቻቸው ጎን ለጎን ሲገጥሙ ነው። ትስስሩ ከተጠመዘዘ ግጥሚያው ይፈርሳል፤ ለዚያም በሞል 20 ኪሎካሎሪ ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ በትስስሩ ዙሪያ ያሉት ስድስት አቶሞች እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አንድ ላይ ተኝተው ይቀራሉ።

በ1950 የካምብሪጆቹ ብራግ፣ ኬንድሩና ፔሩትዝ ልዩ ልዩ ጥምዞችን ሲያሳትሙ ይህን ጠፍጣፋነት ግዴታ አላደረጉትም። በአንድ ዙር የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ሙሉ ቁጥር መሆን አለባቸው ብለውም ገመቱ። ትክክለኛው ጥምዝ አመለጣቸው። የፓውሊንግ አልፋ ሄሊክስ በዙር 3.6 አሚኖ አሲድ ይዞ 0.54 ናኖሜትር ይወጣል፤ ለአንዱ 0.15 ይደርሰዋል ማለት ነው። በ1951 ፔሩትዝ የፓውሊንግን ጽሑፍ ባነበበ ጊዜ የፈረስ ፀጉር ላይ ኤክስሬይ አሳርፎ በዚያው በ0.15 ልክ የሚታየውን ምልክት ራሱ አገኘው። ለተወዳዳሪ መራራ ማረጋገጫ ነው።

ሰሌዳዎቹ ካልተጠመዘዙ ለሰንሰለቱ የሚቀሩት በእያንዳንዱ መሐል ካርበን ዙሪያ ያሉ ሁለት ማዕዘኖች ናቸው፤ ፋይ እና ፕሳይ ይባላሉ። እነሱም ቢሆኑ ነፃ አይደሉም። በ1963 የማድራሱ ራማቻንድራንና ባልደረቦቹ አቶሞችን እንደ ድቡልቡል ጠጣር አካል ቆጥረው የትኞቹ ማዕዘኖች እንደሚያጋጩ አሰሉ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ፣ የፊተኛው ሰሌዳ ኦክስጅን ከኋለኛው ሃይድሮጅን ጋር ይላተማል። አልፋ ሄሊክስ ያለበት አካባቢ፣ ፋይ −57 ፕሳይ −47 ዲግሪ ገደማ፣ ግጭት የለውም። ከሰንጠረዡ አብዛኛው ክፍል ዝግ ነው።

ዛሬም የፕሮቲን ቅርጽ ከኤክስሬይ የሚያወጣ ሰው ሥራውን በዚህ ሰንጠረዥ ይፈትሻል። በዝጉ ክልል የወደቀው ግላይሲን ከሆነ ብዙም አይደነግጥም፤ የጎን ቅርንጫፉ አንዲት ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነች ሌሎቹ የማይደርሱበት ይደርሳል። ሌላ አሚኖ አሲድ ከሆነ ግን ወደ ኤክስሬይ መረጃው ተመልሶ ያንን ሰሌዳ ገልብጦ አስቀምጦት እንደሆነ ያያል።