ርካሹ ስንዴ ለምን ውድ ሆነ?
ሦስት አቅራቢ፣ አንድ ማስታወሻ

በብዙ የዱቄት ፋብሪካዎች የግዥ ክፍሉ ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርበው ማስታወሻ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። «ሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ያቀረቡ ሲሆን ዝቅተኛው የእገሌ ስለሆነ እንዲገዛ ይፈቀድልን» ይላል። ሥራ አስኪያጁም ይፈርማል። ስንዴው ሲመጣ ግን ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ይበዛል፤ የሚወጣው ዱቄት ያንሳል፤ ወይም መኪናው ይዘገይና ወፍጮው ይቆማል። ኪሳራው በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ማንም አይጠየቅበትም።

በዚህ ሳምንት የገበያ ገጻችን እንዲህ ያለ ማስታወሻ በምን ስሌት መዘጋጀት እንዳለበት በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌው በቀን 120 ኩንታል፣ በወር 25 ቀን፣ በድምሩ 3,000 ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ የአዲስ አበባ ፋብሪካ ነው። የተጠቀምንባቸው ዋጋዎችና ልኬቶች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር እየተካ ሊሠራበት ይችላል።

መጀመሪያ ዋጋውን ማመሳሰል

ሦስቱ አቅራቢዎች የእህል በረንዳ ነጋዴ፣ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና የኢተያ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። የእህል በረንዳው በኩንታል 5,850 ብር፣ ዩኒየኑ 5,900 ብር፣ የኢተያው 6,350 ብር ጠይቀዋል። እንዲሁ ሲታይ የኢተያው በጣም የተወደደ ይመስላል።

ይሁንና ሦስቱ ዋጋዎች የአንድ ቦታ ዋጋ አይደሉም። የእህል በረንዳው ነጋዴ በመጋዘኑ፣ ዩኒየኑም በራሱ መጋዘን ሲያስረክቡ፣ የኢተያው ግን ፋብሪካው በር ድረስ ያመጣል። በእህል በረንዳው ላይ የጭነት፣ የጫኝና የአውራጅ 150 ብር፣ በዩኒየኑ ላይ ደግሞ 300 ብር ሲጨመር ዋጋው በቅደም ተከተል 6,000፣ 6,200 እና 6,350 ብር ይሆናል። ማስታወሻው ማነጻጸር ያለበት እነዚህን ፋብሪካ በር ላይ የደረሱ ዋጋዎችን ነው። ክፍያውም የሚታሰበው ሲጫን በተመዘነው ሳይሆን በፋብሪካው ሚዛን ላይ በተገኘው ክብደት መሆን ይኖርበታል።

ውሃና ቆሻሻ በስንዴ ዋጋ

ከአንድ ኩንታል ውስጥ ሁሉም ስንዴ አይደለም። ጭድ፣ ጠጠር፣ አፈርና ባዕድ ዘር ይገኝበታል። የቀረውም ቢሆን ውሃ አዝሏል። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት እንደ ዓይነቱ እርጥበቱ ከ15 እስከ 16 በመቶ እስኪደርስ ውሃ ይረጭበታል። ስለዚህ ደረቅ ስንዴ የገዛ ፋብሪካ የጎደለውን ውሃ ከቧንቧ ይሞላል፤ እርጥብ ስንዴ የገዛ ግን ያንኑ ውሃ በስንዴ ዋጋ ከፍሎበታል ማለት ነው።

በምሳሌያችን የእህል በረንዳው ስንዴ 5 በመቶ ቆሻሻና 14 በመቶ እርጥበት አለው። ከ100 ኪሎ 5 ኪሎ ቆሻሻ ሲወጣ 95 ኪሎ ይቀራል፤ ከዚህም 14 በመቶው ውሃ ሲቀነስ ንጹሕና ደረቅ የሆነው 81.7 ኪሎ ነው። 6,000 ብር ለዚህ ሲካፈል አንዱ ኪሎ 73.44 ብር ይወጣል።

የዩኒየኑ ስንዴ 2 በመቶ ቆሻሻና 12 በመቶ እርጥበት ስላለው ንጹሑና ደረቁ 86.24 ኪሎ ነው፤ አንዱ ኪሎ 71.89 ብር ይሆናል። የኢተያው 1 በመቶ ቆሻሻና 11.5 በመቶ እርጥበት ሲኖረው 87.6 ኪሎ ያስገኛል፤ ኪሎው 72.48 ብር ገደማ ነው።

እንግዲህ በኩንታል ርካሽ የነበረው የእህል በረንዳው ስንዴ ከሦስቱ ውዱ ሆኖ ተገኘ። ከዩኒየኑ ጋር ለመስተካከል በኩንታል ወደ 125 ብር መቀነስ አለበት። በወር 3,000 ኩንታል ሲታሰብ ልዩነቱ 375,000 ብር ነው። ነጋዴው ከዚህ ዋጋ በታች ከወረደ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ ስለዚህም ስሌቱ ለድርድርም ይጠቅማል።

ሁሉም የጥራት ጉዳይ ግን ወደ ብር አይለወጥም። ለዳቦ ቤቶች የሚሸጥ ዱቄት በቂ ግሉተን ከሌለው ሊጡ አይነሳም፤ ይህንን በዋጋ ቅናሽ ማካካስ አይቻልም። የነቀዘ፣ የሻገተ ወይም ሽታ ያለው ስንዴም እንዲሁ ነው። እነዚህ የማለፊያ መስፈርቶች ስለሆኑ ያላለፈ አቅራቢ ከነጭራሹ ወደ ስሌቱ አይገባም። ሦስቱም አልፈዋል ብለን እንቀጥል።

ናሙና የሚያታልልበት መንገድ

ከላይ ያሉት ልኬቶች ከየት መጡ? አቅራቢው በላስቲክ ቋጥሮ ከሚያመጣው ናሙና ከሆነ ዋጋ የላቸውም፤ ያ ናሙና ተመርጦ የመጣ ነውና። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ቀደም ሲል ከገቡ ጭነቶች የበር መዝገብ ወይም ከሙከራ ጭነት ነው።

የጭነቱም ናሙና ከላይ ከተደረደሩት ጆንያዎች ብቻ ከተወሰደ ያው ነው። ከመኪናው ፊት፣ መካከልና ኋላ፣ ከላይም ከሥርም በመውጊያ ብረት ተወስዶ፣ በአንድነት ተቀላቅሎ፣ በአራት እየተከፈለ እስኪያንስ ድረስ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ነው ተበጥሮ የሚመዘነውና በእርጥበት መለኪያ የሚታየው። ስንዴውን በጥርስ ሰብሮ ደረቅነቱን መገመት ልምድ ላለው ሰው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ 12ን ከ14 በመቶ ለይቶ ግን ገንዘብ አያስቆጥርም።

የመዘግየት ዋጋ

ምርጫው አሁን በዩኒየኑና በኢተያው ነጋዴ መካከል ሆኗል። የኢተያው በንጹሕና ደረቅ ስንዴ ሲታሰብ በኩንታል ወደ 50 ብር፣ በወር 150,000 ብር ይበልጣል። በአንጻሩ ያለፉት 10 ጭነቶቹ በሙሉ በቀናቸው ደርሰዋል።

የዩኒየኑ መዝገብ ሌላ ነው። በየ15 ቀኑ 1,500 ኩንታል እንዲያደርስ ከታዘዘባቸው 10 ጊዜያት 6ቱ በቀናቸው፣ 3ቱ በ2 ቀን፣ 1ዱ ደግሞ በ9 ቀን ዘግይተው መጥተዋል። አማካዩ 1.5 ቀን ነው ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ፋብሪካውን የሚያቆመው አማካዩ አይደለም። ፋብሪካው የ3 ቀን መጠባበቂያ ስንዴ ስለሚይዝ የ2 ቀን መዘግየቶቹ ምንም አላቆሙም። የ9 ቀኑ ግን ወፍጮውን 6 ቀን አቁሞታል።

ወፍጮው አንድ ቀን ሲቆም ምን ይታጣል? ከእያንዳንዱ ኩንታል የስንዴው፣ የመብራቱና የጆንያው ወጪ ተቀንሶ 300 ብር የሚተርፍ ከሆነ በ120 ኩንታል 36,000 ብር ነው። ብዙዎች በዚህ ላይ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ይደምራሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ደመወዝና ኪራይ የሚሸፈኑት ከዚሁ 300 ብር ስለሆነ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

በ5 ወር 6 ቀን መቆም በወር 1.2 ቀን፣ ማለትም 43,200 ብር ነው። የኢተያውን በመምረጥ ይህን ለማዳን 150,000 ብር መክፈል አያዋጣም። የዩኒየኑ መዘግየት በወር ከ4 ቀን በላይ ወፍጮ የሚያስቆም ቢሆን ኖሮ መልሱ በተገለበጠ ነበር።

ለ9ኙ ቀን ምን ይደረግ?

አንዱ መንገድ መጠባበቂያውን ከ3 ወደ 9 ቀን ማሳደግ ነው። ይህ ተጨማሪ 720 ኩንታል፣ ወደ 4.46 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ በወር ወደ 67,000 ብር ስለሚያስወጣ ከመቆሙ ይብሳል።

ሁለተኛው በውሉ ላይ ቅጣት ማስገባት ነው። በብዙ የአቅርቦት ውሎች የሚታየው ለየቀኑ 0.1 በመቶ ቅጣት በ9.3 ሚሊዮን ብር ጭነት ላይ 9,300 ብር ብቻ ነው። ከ36,000 ብሩ የቀን ኪሳራ ሩቡን ያህል እንጂ አይተካም። አቅራቢውን ያተጋዋል፤ ፋብሪካውን ግን አይክሰውም።

ሦስተኛው ከወሩ ግዥ አምስተኛውን፣ 600 ኩንታል፣ ከኢተያው መግዛትና ሲጠራ በ3 ቀን ውስጥ ተጨማሪ እንዲጭን መስማማት ነው። ዋጋው በወር 30,000 ብር ሲሆን ከ43,200 ብሩ ያንሳል። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ የሚያዋጣው ነጋዴው በእርግጥ በ3 ቀን ማድረስ ከቻለ ብቻ ነው። 5 ቀን ከፈጀበት ወፍጮው ለ2 ቀን ይቆማልና ስሌቱ መታደስ አለበት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲያበቃ ማስታወሻው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦

ለ፦ ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ ግዥ ክፍል
ጉዳዩ፦ የስንዴ አቅራቢ ምርጫን ይመለከታል

ዋና አቅራቢያችን ዩኒየኑ እንዲሆን እናሳስባለን። ፋብሪካ በር ላይ በደረሰ ዋጋ፣ ቆሻሻና እርጥበት ተቀንሶ፣ የአንድ ኪሎ ዋጋ ዩኒየኑ 71.89፣ ኢተያ 72.48፣ እህል በረንዳ 73.44 ብር ነው። የዩኒየኑ መዘግየት በወር ወደ 43,000 ብር ያሳጣናል፤ ኢተያን ዋና አቅራቢ ማድረግ ግን 150,000 ብር ተጨማሪ ያስወጣል። ስለሆነም ከወሩ ግዥ 600 ኩንታል ከኢተያ እንዲገዛና ነጋዴው በ3 ቀን ውስጥ ለመጫን በጽሑፍ እንዲስማማ እንጠይቃለን። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ወይም ቆሻሻው ከ3 በመቶ ያለፈ ጭነት በዚያው ልክ ዋጋው እንዲቀነስ በውሉ ይግባ። ዩኒየኑ በሁለት ተከታታይ ወራት በድምሩ ከ8 ቀን በላይ ወፍጮ ካስቆመ ምርጫው እንደገና ይቀርብልዎታል።

ከሰላምታ ጋር

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በብዙ ማስታወሻዎች ላይ አይገኝም። ሥራ አስኪያጁ ሲፈርም የፈቀደውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱ የሚያበቃበትንም ቁጥር ያውቃል። ዩኒየኑ ሲዘገይ «ምን እናድርግ?» የሚለው ክርክር ቀድሞ በወረቀት ላይ አልቋል።